ሁለት ዓምድ ያለው የቀብር ወረቀት

አንድ ወረቀት ማስታወቂያ ሊባል የሚገባው ያላወቀ ሰው አንብቦት ሲያውቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

አቶ ሽመክት ይህን ልዩነት የተማሩት በስተርጅና ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከተሜው አማርኛ፣ ዙሪያው ገጠር ኦሮምኛ በሚናገርበት በአንድ ከተማ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ይጽፋሉ፤ ይህንንም ሰው ባይጠይቃቸውም ይናገራሉ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አጸደ የምትባል የእድሩ አባል አረፈች። ቀብሯ ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ልጇ ሮማን አቶ ሽመክትን ድንኳኑ በር ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ እናቴ ከእኛ ከልጆቿ በቀር፣ ገጠር ካለው ወንድሟ ሌላ የሥጋ ዘመድ የላትም። የገጠሩ ስልክ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም፣ መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል፣ በመኪና የላክነው ሰው ወንዙ ጋ ደርሶ መሽቶበት ተመለሰ። አጎቴ ቱሉ አፈር ሳያለብሳት ብትቀበር እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ነገ ገበያ ነው» አሉ አቶ ሽመክት። «የአገሯ ሰው በእግረኛው ድልድይ በኩል ይመጣል። ወረቀቴን ያነባል፣ ወሬው ቀትር ሳይሞላ ይደርሳል። አታስቢ።»

ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ጻፉት። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ኦሮምኛ። የሟች ስም፣ የባለቤቷና የልጆቿ ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰዓቱ። ግርጌው ላይ የእድሩ የሐዘን መግለጫ፤ በግራ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ በቀኝ «ዋቀዮ ጀጀቢነ ሀ ኬኑ»። ለሁለት የኦሮምኛ መምህራን አሳዩት። አንዲት ፊደል አላረሙም። ቅዳሜ በማለዳ ገበያው በር ላይና መናኸሪያው ላይ ለጠፉት።

አምስት ሰዓት ሆነ። ከገጠር አንድም ለቀስተኛ አልመጣም። ሮማን በየደቂቃው ተነስታ መንገዱን ታያለች። አቶ ሽመክት ወረቀቱን ዝናብ አውርዶት ይሆናል ብለው ወደ ገበያ ሄዱ።

ወረቀቱ በቦታው ነበር። አጠገቡ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች።

«ይህን ያነበበ የለም?» አሏት በኦሮምኛ።

«እንዴት የለም! ከጠዋት ጀምሮ ሲነበብ ነው የዋለው። እኔም ስድስት ጊዜ ሰማሁት። መቼም የጻፈው ሰው ቋንቋ ያውቃል።»

አቶ ሽመክት በዚህ ሰዓትም ቢሆን ትንሽ ደስ አላቸው። «ታዲያ ለምን አልመጣችሁም?»

«ለማናውቃት ሴት? ነፍስ ይማር ብለናል።»

«የእናንተው አገር ልጅ ናት እኮ!»

«ከእኛ አገር አጸደ የሚሏት ሴት አልወጣችም፣ መምህር። አባቷንም አናውቀውም። የማን ልጅ ናት? የማን እህት?»

«የቱሉ ጉደታ እህት ናት።»

ሴትዮዋ ቅቤ የያዘ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ድንቂቱ? ድንቂቱዬ ናት የሞተችው?»

አቶ ሽመክት ያኔ ገባቸው። ልጅቱ በስምንት ዓመቷ ከተማ ስትገባ ያሳደጓት ሰው ክርስትና አስነሥተው አጸደ አሏት፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧትም በራሳቸው ስም አስጠሯት። የእድሩም መዝገብ ይህንኑ ይዟል። በአገሯ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጉደታ ልጅ ድንቂቱ ነበረች። አቶ ሽመክት ከስሟ በስተቀር ሁሉን ተርጉመዋል፤ ስም አይተረጎምም ብለው። ከተሜው ሟችን በባልና በልጅ ሲያውቅ፣ ገጠሩ በአባትና በወንድም እንደሚያውቅም ረስተውታል። እነዚያ ሁለት መምህራንም ስለ ቋንቋው እንጂ ስለ ሴቲቱ አልተጠየቁም።

እስክሪብቷቸውን አውጥተው በቀኙ ዓምድ ራስ ላይ ጨመሩ፦ «የጉደታ ልጅ፣ የቱሉ እህት ድንቂቱ»። ለሌላው ወረቀት ወደ መናኸሪያው መሄድ አላስፈለጋቸውም። ሴትዮዋ ጮኻለች፤ ገበያው ተነሥቷል። አንድ ፈረሰኛ ዕቃውን ሜዳ ላይ ጥሎ ወደ ድልድዩ ጋለበ።

«ቱሉን በቆመበት እንዳትነግረው!» አለችው አሮጊቷ ከኋላው። «ሽማግሌ ይዘህ ግባ! መጀመሪያ አስቀምጡት!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ቱሉ ፈረሳቸው ላይ ሆነው፣ ከኋላቸው አገር ሙሉ ሰው አስከትለው ደረሱ። ሮማን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ወርዶ ነበር። አቶ ሽመክትም ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጡ።

ለሰው በቋንቋው መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የሚያዝነው ለሚያውቀው ነው። እኛስ በሌላው ቋንቋ ስንናገር የምንነግረው እሱ የሚያውቀውን ነው ወይስ እኛ የምናውቀውን?

እድሩ ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ላይ «በአገርዎ ማን ይባላሉ?» የሚል ዓምድ ጨምሯል። ወይዘሮ አጸደ፣ ድንቂቱም፣ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረች።