አጥሩን ማን አጠረው?

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ቆይ ደርበው፣ አታቋርጠኝ! ሱፐርቫይዘሩ «ተማሪ አታስወራ፣ ማስታወሻ አስገልብጥ» ብሎ ቢቆጣህ «ጋሼ፣ ልታዘዝ ወይስ እንቢ ልበል?» ብለህ የመጣኸው አንተ ነህ። እኔ አርባ ዓመት ጠመኔ ስቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሴን በራሴ መንገድ ነው የምነግርህ።

ይህ ባለጸጋ የመንደሩን ብቸኛ ምንጭ አጥሮ ይዟል። ጠዋት ጠዋት ከብቶቹ ገብተው ይጠጣሉ፤ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ውጭ ይጠብቃሉ፤ ድፍርሱ ሲቀር እሱን ይቀዳሉ። የጎልማሶች ትምህርት ቤት የከፈተላቸውም እሱ ነው። የቀጠረው አስተማሪ ሰሌዳው ላይ «ድሃ የሚደኸየው ስለሚሰንፍ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ገበሬዎቹ ይገለብጣሉ፣ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ፊደሉንም በዜማ ከዳር እስከ ዳር ያወርዱታል። ግን ጉድ እኮ ነው! ከመሀል አንዷን ፊደል ነጥለህ ብታሳያቸው አያውቋትም፤ ከሀ ተነስተው እስኪደርሱባት መቁጠር አለባቸው። ለመጠየቅ የሞከረ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» ይባላል። እየዋለ እያደረ እነሱም አመኑት።

ያ አስተማሪ ሌላ አገር ተዛወረና አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። እሷ ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣለች፤ ምንጭ፣ አጥር፣ ከውስጥ ላሞች፣ ከውጭ ጀሪካን የያዙ ሴቶች። አግዳሚዎቹን ክብ አስደረገችና «ምን ታያላችሁ?» አለች።

ሁሉም ደብተር ገልጠው ለመገልበጥ እርሳስ አነሱ።

«እትዬ መምህር፣ አንቺ ንገሪን እንጂ እኛ ምን እናውቃለን?» አለ አንድ ገበሬ።

አልነገረቻቸውም፤ ጠበቀች። ቀላል እንዳይመስልህ! እኔ ብሆን እስካሁን ሦስቴ መልሼላቸዋለሁ።

በመጨረሻ አንዲት እናት ጣቷን ወደ ሥዕሉ ቀሰረች። «ያቺ ከዳር የቆመችው እኔ ነኝ። ልጄ ድፍርሱን ጠጥታ ታማ ከተኛች ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው» አለችና እንባዋ መጣ።

«ድፍርሱን ለምን ጠጣች?»

«እግዜር ያለው ነዋ፣ ምን ይደረጋል!»

«ምንጩን ማን ሠራው?»

«እግዜር።»

«አጥሩንስ?»

ያ ገበሬ ብድግ አለ። «እግዜርን ተዉት። አጥሩን ለባለጸጋው ያጠርኩለት እኔ ነኝ። ቆርጬ፣ ተሸክሜ፣ በዚህ በገዛ እጄ።»

«ከአጥሩ በፊትስ እንዴት ነበር? እኔ እንግዳ ነኝ፣ አላውቅም» አለች መምህርቷ። እውነቷን ነው፣ አታውቅም። አንዲት አሮጊት መንደሩ በየተራ ይቀዳ እንደነበር ነገሯት፤ ያን ቀን የመምህርቷ አስተማሪ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ መምህርቷ ከሥዕሉ ሥር «አጥር» ብላ ጻፈች። ቃሉን በፊደል በፊደል በተነችው፤ የእያንዳንዱን ፊደል ቤተሰብ፣ ጠ ጡ ጢ፣ ረ ሩ ሪ እያለች፣ አወጣች፤ «አሁን የራሳችሁን ቃል ሥሩ» አለች። አንዱ «ጣራ» አለ፣ ሌላው «ጥሩ»። ያቺ እናት «ጠራ» ብላ ጻፈች። ማንም ያላስገለበጣት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። አንዱ እናቃጥለው ይላል፣ አንዱ ይፈራል። መምህርቷ ለሁሉም «ከዚያስ ምን ይሆናል?» ትላለች፤ የሚሉትን ትጽፋለች፤ አብረው መልሰው ያነቡታል። ሳያቃጥሉ ሊነቅሉት ተስማሙና በጠራራ ፀሐይ ወጡ። ያ ገበሬ አጥሩን ቋሚ በቋሚ ነቀለው። ሰው ቀድቶ ሲጨርስ የባለጸጋው ላሞችም ይጠጡ ተባለ።

ባለጸጋው እየሮጠ መጣ። «ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም አላዘዘንም» አለች ያቺ እናት። ጥሩውን ውሃ በጀሪካን ሞልታ ወደ ልጇ ሮጠች።

ወደ መምህርቷ ዞረ። «ፊደል አስተምሪ አልኩሽ እንጂ!»

«ፊደል ነው ያስተማርኳቸው» አለች።

እሷን አባረረ፣ ትምህርት ቤቱን ቆለፈ። በማግስቱ ሁሉም ምንጩ አጠገብ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ያ ገበሬ «የዛሬውን የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለ።

እና ደርበው፣ ገባህ? ያ ባለጸጋ ፊደልን አልፈራም፤ በራሱ ጠመኔ ያስጽፍ ነበር እኮ። የፈራው ጥያቄን ነው። ተማሪን ማስገልበጥ ማለት ጎተራ ማድረግ ማለት ነው፤ ያስገባኸውን በፈተና ቀን ትዝቃለህ፣ ጎተራ ደግሞ አይናገርም። ግን አንተም እንዳታጭበረብር! እንዲሁ ማስወራት ማስተማር አይደለም። የራስህን ንዴት በጥያቄ አስመስለህ ብታጎርሳቸውም ያው ነህ። ኑሯቸውን ፊታቸው አስቀምጥ፣ ከልብህ ጠይቅ፣ የማታውቀውን አላውቅም በል፣ ከእነሱም ተማር።

ሱፐርቫይዘሩን እንቢ በለው! «ያባርሩኛል ወይ?» ካልከኝ፣ አልዋሽህም፣ ሊያባርሩህ ይችላሉ። ግን ያን ቀን «መምህራችንን ለምን?» ብሎ የሚነሳ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ትተህ ነው የምትወጣው።