አያ ቸኮልና ያልተወለደው ጥጃ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ የወንድምህን ጆሮ ልቀቅና ስማ።

በድሮ ዘመን፣ ቅድመ አያቶቻችን ገና ጥርስ ሳያወጡ፣ አያ ቸኮል የሚባል ሰው ነበር። አፉ ቸር፣ እጁ ቋጣሪ ነበር። ያለው ሀብት ሁለት ነው፤ ቦራ የምትባል አንዲት ላምና ነጭ፣ ወፍራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ አንድ ጋቢ። ጋቢውን ክረምት ከበጋ ከላዩ አያወርደውም። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

አያ ቸኮል ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የክርስትና አባት መሆን ነበር። ልጁን ወዶ እንዳይመስላችሁ! የወደደው ድግሱን ነው። የክርስትና አባት ከላይ ይቀመጣል። ፍርምባው ለእሱ ይቀርባል። ጠላው ሳይጎድል ይሞላለታል። ችግሩ ስጦታ መስጠት መኖሩ ነው። ለእሱም ቢሆን መላ አላጣም።

ከተራራው በላይ ያለ ሰው ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ፣ አያ ቸኮል አነሳው። ድግሱ ላይ ብድግ አለና፣ "ስሙኝማ! በቦራ ሆድ ያለውን ጥጃ ለክርስትና ልጄ ሰጥቻለሁ!" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ቸኮል በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ።

ከወንዙ ማዶ ያለ ሰውም ወንድ ልጅ ወለደ። ያንንም በአርባ ቀኑ አነሳው። "ስሙኝማ! በቦራ ሆድ ያለውን ጥጃ ለክርስትና ልጄ ሰጥቻለሁ!" አለ። እዚያም እልል ተባለ። አሁንም በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። የተራራው ሰውና የማዶው ሰው ገበያቸው ለየቅል ስለነበር፣ የአንዱን ጥጃ ሌላው አልሰማም።

ቦራ ታዲያ መካን ነበረች። ልጆች፣ በሆዷ ከሣር በቀር አንዳች አልነበረም!

ከሸለቆው በታች ደግሞ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሁለቱንም የወሰደባት ብርድ ነው። አሁን ሦስተኛውን ወልዳ፣ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሹን በመዳፏ ታዳምጣለች። ልጁ ቀጭን ነው፤ ድምፁም ቀጭን ነው። አርባው ሲቃረብ አያ ቸኮል ዘንድ ሄደች።

"አያ ቸኮል፣ ደግነትህን ሰምቼ መጣሁ። ልጄን ክርስትና አንሳልኝ።"

"በደስታ! ጥጃም እሰጠዋለሁ፤ በቦራ ሆድ..."

"ጥጃው ይቆየኝ" አለች አንጓች። "እኛ ቤት ለጥጃ የሚሆን ሣርም የለ። አንድ ነጭ ልብስና አንድ ማተብ ይዘህልኝ ና። ከውኃው ሲወጣ ወዲያው እንድታለብስልኝ ነው። ብርድ እፈራለሁ፣ አያ ቸኮል።"

"አይ አንቺ! ጥጃ የሚሰጥ ሰው ክር ይቸግረዋል?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ወደ ገበያ ወጣ። በመጀመሪያው ገበያ ልብሱን አይቶ፣ "ይህ ለዚያች ጫጩት ይበዛል" አለ። በሁለተኛው፣ "ሕፃን እንደሆነ ነገ አድጎ ያጥረዋል" አለ። በሦስተኛው የማተቡን ክር እንኳ ዳስሶ ተወው። ባዶ እጁን ተመለሰ።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ማለዳ ነው፣ ካፊያ ይጥላል። ባሏ ቤት ቀርቶ ለድግሱ በግ ሲያርድ፣ አንጓች ልጇን በነጠላዋ ከልላ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ስትደርስ ነጠላዋ ይንጠባጠብ ነበር። ልጁ እስኪቆርብ ጡት አይጠባምና አፉን እየከፈተ ይፈልጋል። እሷም እንባዋን ትውጣለች።

ቄሱ፣ መምሬ ጥላዬ፣ ጸሎቱን ጀመሩ። አያ ቸኮል ልጁን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞረ። ልጁ መናገር ስለማይችል፣ ስለ እሱ ሰይጣንን የሚክደው የክርስትና አባቱ ነው።

"ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ!" ብሎ ጮኸ። ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሥተው በረሩ።

"ቀስ በል" አሉ መምሬ። "ሰይጣን ጆሮው ደህና ነው።"

ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደግሞ ስለ ልጁ እምነቱን ተናገረ። መምሬ ልጁን ተቀበሉ። በአብ ስም አጠመቁት፣ በወልድ ስም አጠመቁት፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቁት። ልጁ በመጀመሪያው ጮኸ። በሁለተኛው አለቀሰ። በሦስተኛው ዝም አለ።

ቅዱስ ሜሮኑን ቀቡትና እርጥብ ገላውን ወደ አያ ቸኮል ዘረጉ። "በል አልብሰው።"

አያ ቸኮል ዙሪያውን አየ። አንጓች ነጠላዋን ልትሰጥ ገፈፈች፤ ውኃው ከጠርዙ ጠብ ጠብ አለ።

"አያ ቸኮል" አለች፣ "ልብሱስ? እባክህ ልብሱን!"

ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል። አያ ቸኮል "ጥጃው..." ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው በዕውር ድንብር የተዘረጋች የልጁ እጅ አውራ ጣቱን ያዘች። በረዶ ነበረች። አያ ቸኮል በሕይወቱ ብዙ ፍርምባ ይዟል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ይዞ አያውቅም።

ጋቢውን ከላዩ ገፍፎ ልጁን አንዴ ጠቀለለው፣ ሁለቴ ጠቀለለው፣ ሦስቴ ጠቀለለው!

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከጋቢው በታች ያለው ሸሚዝ ከእጅጌው አንዱ የለም። ሱሪው ከኋላ በኩል ሁለት መስኮት አለው። ዲያቆኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

"ማተቡስ?" አሉ መምሬ፣ ሳቃቸውን በሳል እየሸፈኑ።

አያ ቸኮል ከጋቢው ዘርፍ ሦስት ፈትል መዘዘ፤ አንድ ላይ ገምዶም ሰጣቸው። መምሬ ባርከው በልጁ አንገት አሰሩት። "ሦስቱ አንድ ሆነው መገመዳቸው በሥላሴ ስም ነው" አሉ። "ልጅህ ክርስቲያን መሆኑ በዚህች ይታወቃል፤ ወርቅ ብታመጣ ከዚህ አይበልጥም።" ልጁ ቆረበ፣ ከዚያም እናቱ ጡት ላይ ተለጠፈ። ከጋቢው ውስጥ የሚሰማው የመጥባት ድምፅ ብቻ ነበር።

ድግሱ ቤት አያ ቸኮል በዚያው ሱሪ ገባ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ጀርባውን ለማንም ሳያሳይ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ ከላይ ተቀመጠ። ፍርምባው መጣ። እንደ ልማዱ ሊናገር ብድግ አለ፤ ሱሪው ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ።

"ስሙኝማ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቦራ መካን ናት። ጥጃ የለኝም። ከተራራው በላይም ዋሽቻለሁ፣ ከወንዙ ማዶም ዋሽቻለሁ።"

አንጓች ግን እልል አለች!

"ልጄ ሞቆታል!" አለች። "እኔ ጥጃ መች ጠየቅሁ? በል አበልጄ፣ ፍርምባህን ብላ።"

ወሬ ግን እግር አለው። ከተራራው በላይ አንዲት እናት መጣች፣ ከወንዙ ማዶም ሌላ እናት መጣች። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። "ጥጃውን ተወው፤ ለልጆቻችን ጋቢ!" አሉት። አያ ቸኮል ቦራን እየጎተተ ወደ ሸማኔ ሄዶ በሁለት ትንንሽ ጋቢ ለወጣት። በዚያ ክረምት እንደ ዶሮ ተኮራምቶ ከረመ፤ የሥራው ነውና እኔ አላዝንለትም። ትንሽ ግን አዝናለሁ።

የአንጓች ልጅ ያንን ክረምት ወጣ። የሚቀጥለውንም ወጣ። ድክ ድክ ሲል ጋቢው ከኋላው እየተጎተተ ግቢውን ይጠርግ ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለሕፃን ስትሰጡ እጃችሁ ላይ ያለውን ስጡ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። አፋችሁ ላይ ያለውን ግን ለራሳችሁ አስቀሩት፣ እሱ ማንንም አያሞቅም። እኔ የሰማሁትን አወረድሁላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ አውርዱ።