አምስት ሰው በአንድ

ልጄ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ አትግደል የተባለው አምስት ሰው ለማዳንም ቢሆን ነው?» አለችኝ። ይህን አወጋኋት።

አንዲት ሴት ለባቡር ሐዲድ ማዞሪያ ሥራ አመለከተች። ዕውቀቱን ማሳየት የሚወድ ሹም ፈተናት።

«ፍሬን የበጠሰ ፉርጎ አምስት ሠራተኞች ላይ ቢመጣ፣ አንድ ሰው ወዳለበት መስመር ታዞሪዋለሽ?»

«እያዘንኩ አዞረዋለሁ።»

«ከሐዲዱ በላይ ባለው ድልድይ ላይ ሆነሽ አንድ ወፍራም ሰው ገፍተሽ ብትጥዪበት ፉርጎው ይቆማል ቢባልስ?»

«አልገፋም።»

«ሒሳቡ ያው አምስት በአንድ ነው። ልዩነቱን ካልነገርሽኝ ሥራው የለም።»

«ጌታዬ፣ መስመር ሳዞር ሰውየው ቢያመልጥ እሰየው ነው፤ አምስቱም ይድናሉ። ከድልድዩ የምገፋው ሰው ካመለጠ ግን አምስቱ ያልቃሉ፤ ሰውን ፍሬን አደረግኩት ማለት ነው። ሒሳቡ ብቻ ይበቃል ካሉ ድልድዩ ላይ አብረን እንቁም፤ እዚህ ቤት ወፍራሙ እርስዎ ነዎት።»

ሹሙ ፈረመላት። በማግስቱ ጠዋት አማትባ ማዞሪያው አጠገብ ቆመች፤ ሹሙ ግን ሁልጊዜ የሚሻገርበትን የሐዲዱን ድልድይ ትቶ በወንዝ ዳር ዞሮ መጣ።