ያልተቀመሰው የልደት ቀልድ

፦ ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

፦ ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ጠጋ በሉ። አንቺ ደግሞ እህትሽን መጎንተሉን ተዪና ስሚኝ፤ የዛሬው ላንቺ ሳይሆን አይቀርም።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ይቺ ሴት አፍ ተሰጥቷታል። ወሬ ስትጀምር ሰው ሥራውን ያስቀምጣል። ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እንባው ይፈሳል፣ ከዚያም ሥራ ፈታሁ ብሎ ይቆጣታል። አትጠገብም ይሄን ታውቃለች። ትንሽም ትኮራበታለች።

አንድ የልብ ወዳጅ ነበረቻት፤ ስሟ ስንዱ ይባላል። አብረው ውሃ ቀድተው፣ አብረው እንጨት ለቅመው ነው ያደጉት። ስንዱ ስፌት ሰፊ ነች። የእሷን መሶብ ያልያዘች ሙሽራ እንደተዳረች አይቆጠርም ነበር። ባሏ ይትባረክ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው።

እና በዚያች መንደር አንድ ልማድ ነበር። ሰው የተወለደበት ቀን ዞሮ ሲመጣ፣ የቅርብ ወዳጁ በእንግዳ ፊት ቆሞ የልደት ቃል ይልለታል። ውዳሴ እንዳይመስላችሁ! ውዳሴውን ለለቅሶ ቀን ነው የሚያስቀምጡት። በልደቱ ቀን ሰው የሚቀለድበት ነው። ጉድ ጉዱ እየተነሣ ይሳቅበታል፣ መጨረሻ ላይ ይመረቃል፣ ከዚያም ይበላል ይጠጣል።

ግን ዝም ብሎ አልነበረም። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? እነሱም ነገራቸውን ያስቀምሱ ነበር። ቀልደኛው በዋዜማው ከባለልደቱ ቤት ሰዎች አንዱን ይዞ ገለል ይላል። ሊናገር ያሰበውን በሙሉ ይነግረዋል። ያም ሰው «ይሄ ጥሩ ነው፤ ይሄ ይጨመርበት፤ ይቺን ግን ተዋት» ይለዋል። ተዋት ከተባለ ትቀራለች። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

የስንዱ ልደት ደረሰና ይትባረክ በዋዜማው ደጁ ላይ ተቀምጦ አትጠገብን ጠበቃት። ጠበቃት፣ ጠበቃት፣ አልመጣችም።

አትጠገብ ቤቷ ሆና ለራሷ እንዲህ ትል ነበር፦ ስንዱን ከኔ በላይ የሚያውቃት ማን ነው? እሱ ሳያገባት በፊት እኔ ነበርኩ። አሁን እሱ ነው የሚቀምሰኝ?

አያችሁ ልጆቼ? ክፉ ሰው ሆና አይደለም። በጣም ከመውደዷ የተነሣ ነው የጠገበችው።

በማግስቱ ግቢው በሰው ሞላ። ስንዱ መሐል ላይ በርጩማ ተሰጣት። አትጠገብ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣችና ጀመረች።

፦ ይቺ ስንዱ ስታንኮራፋ ጎረቤት ጅብ መጣ ብሎ በሬውን ያስገባል።

ሰው ሳቀ። ስንዱም ጭብጨባዋን አቀለጠችው።

፦ ይትባረክን ጠይቁት፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ነው የሚተኛው፣ አለች ራሷ።

፦ ስንዱን ለሠርግ ከጠራችኋት ለልጁ ክርስትና ትደርስላችኋለች፣ አለች አትጠገብ።

፦ ውሸት ነው፣ ክርስትናውም ያመልጠኛል፣ አለች ስንዱ።

እስከዚህ ድረስ ማር ነበር። ስንዱ ማንኮራፋቷንም ማርፈዷንም ሁልጊዜ ራሷ ናት የምታወራው። የራሷ ቀልድ ስለሆነ ሰው ሲያነሣባት እሷ ትጨምርበታለች።

ከዚያም አትጠገብ ልቧ ሞቀና እንዲህ አለች።

፦ ባለፈው ሰሞን ከገበያ አብረን ስንመለስ ምን ሆነች መሰላችሁ። መንገድ ዳር ወደቆመ የዛፍ ጉቶ ጠጋ ብላ «እንደምን ዋልሽ እናቴ» አለችው። ጉቶው ዝም አለ። እሷ ደግሞ «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ብላ አከለችበት።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ሽማግሌ ጠላው ትን አለው። ስንዱም ሳቀች። ግን አላጨበጨበችም፤ የጨመረችውም ነገር የለም። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

አትጠገብ ይሄን አይታለች። ኋላ እንዳላየች ልትሆን ሞከረች እንጂ አይታለች። ያኔ ወደ ማንኮራፋቱ ብትመለስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ሳቁ ጣፈጣትና አንድ ደገመች።

፦ ከአጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ አይታም ባሏ መስሏት «ና ግባ፣ ምሳ ቀርቧል» ብላዋለች።

አሁን የጀመረችው እሷ ናት፤ የጨረሱት ግን ሌሎቹ ናቸው። አንዱ ጎረምሳ ተነሣና ስንዱ ፊት ጣቶቹን ዘረጋ።

፦ እስቲ ይሄ ስንት ነው?

፦ እኔስ ማን ነኝ? አለ ሌላው።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። የማትስቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ወይዘሮ የውብዳር። የእሷ ልጅ ልትዳር ነው፣ መሶቡም በስንዱ እጅ ነበር። ቀስ ብላ ጠየቀች።

፦ ስንዱ፣ የልጄ መሶብ እንዴት ነው ታዲያ? ቀለሙ አይደበላለቅብሽም?

፦ እየተሰፋ ነው እሜቴ፣ አለች ስንዱ። ከበርጩማዋ ተነሣች። ቤት ገባች፤ ተመልሳም አልወጣች። ምርቃቱ ሳይባል ቀረ።

አትጠገብ ተከትላት ገባች።

፦ ስንዱዬ፣ ቀልድ እኮ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ቀልድ የማይገባሽ?

፦ ገብቶኛል፣ አለች ስንዱ። በይ ደህና ዋዪ።

በማግስቱ ወይዘሮ የውብዳር ሰው ልካ ያመጣችውን አለላ አስመለሰች። አለላ ማለት ለስፌት ቀለም የተነከረው ሣር ነው። ሣሩ ከስንዱ ቤት ሲወጣ መንደሩ በሙሉ አየ። ሌላ ስፌት ያዘዙትም ሴቶች አንድ ባንድ መጠያየቅ ጀመሩ።

አትጠገብ መጀመሪያ ተናደደች። ሁለት ቀን ሙሉ ለግድግዳው ስትነጫነጭ ዋለች። «ሁሉም ሳቀ። ራሷም ሳቀች። ጅብ ስላት ያልተቆጣች በጉቶ ትቆጣለች?» ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ይትባረክን አገኘችው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ቆመ።

፦ ብትመጪ ኖሮ አንዲት ቃል ነበር የምነግርሽ። ጉቶዋን ተዪያት እልሽ ነበር።

፦ ለምን?

፦ ዓይኗ እየከዳት ነው። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ። ሌሊት ያለቀሰችውን እኔ ነኝ የማውቀው። ማንኮራፋቷን ስንት ጊዜ ነው ራሷ ያወራችልሽ?

፦ ሁልጊዜ።

፦ የጉቶውንስ?

አትጠገብ አሰበች። መንገድ ላይ የሳቀችው እሷ ነበረች። ስንዱ ያን ቀን አብራት ፈገግ አለች እንጂ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ለማንም አላወራችውም። አትጠገብ እንስራዋን እዚያው አስቀመጠችና ቁጭ አለች።

ከዚያም ተነሥታ ስንዱ ቤት ሄደች። በር ላይ ቆማ፣ ሳትቀልድ፣ እንዲህ አለች።

፦ አጥፍቻለሁ። ሳላስቀምስ ተናገርኩ። ነጠላሽን ስትስቢ አይቼሽም አላቆምኩም። ቀልድ ነው ብዬም ጥፋቱን ወዳንቺ አዞርኩት።

ስንዱ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከዚያ እንዲህ አለች።

፦ እኔን የቆረጠኝ ሳቁ አይደለም፣ አትጠገብ። ጉቶውን ሰላም ስል ከሰው ሁሉ በፊት ያየሽኝ አንቺ ነሽ። «ዓይንሽን ምን ነካው?» ብለሽ አንድ ቀን ሳትጠይቂኝ ለእንግዳ ነገርሽው።

አትጠገብ አለቀሰች። ስንዱም አላባበለቻትም፤ ደግ አደረገች።

፦ ምን ላድርግ? አለች ኋላ አትጠገብ። በሰው ፊት ነው ያበላሸሁት፣ በሰው ፊት ላቅናው። ግን የምናገረውን አንቺ ንገሪኝ።

፦ ስለ ዓይኔ ክፉም ደግም አትበዪ። የስፌቱን ቀዳዳ እጄ ያውቀዋል፣ ቀለሙን መለየት ነው ያቃተኝ። እሱን የሚለይልኝ ሰው ባገኝ እሰፋለሁ።

አትጠገብ በቀጥታ ወይዘሮ የውብዳር ቤት ሄደች። ጎረቤቶቿም ተቀምጠው ነበር። በእነሱ ፊት እንዲህ አለች።

፦ ሰው ለማሳቅ ብዬ ወዳጄን አዋረድኩ። የጋቢው ነገር ፈጠራዬ ነው። እኔን አትመኑኝ፣ መሶቡን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ወይዘሮ የውብዳር ሄደች። የተጀመረውን መሶብ ገለበጠችው፣ አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። አንድ እንከን አጣች። አለላው በዚያው ቀን ተመለሰ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አትጠገብ በየጠዋቱ እየሄደች ቀይዋን ከሐምራዊዋ፣ አረንጓዴዋን ከጥቁሯ ለየብቻ ታስቀምጥላት ነበር። ስንዱ በእጇ እየዳበሰች ትሰፋለች። መሶቡም ለሠርጉ ደረሰ።

ወዲያው ታረቁ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይ! ብዙ ጊዜ ፈጀ። አትጠገብ ለቀልድ አፏን ስትከፍት የስንዱ እጅ መስፋቱን ያቆም ነበር። አትጠገብም አፏን ትዘጋለች። እንዲያ እንዲያ ሲሉ ወራት ሄዱ።

ከዚያም የአትጠገብ ልደት ደረሰ። የልደቱን ቃል የምትለው ደግሞ ስንዱ ናት። መንደሩ አሰፍስፎ ጠበቀ፤ ዛሬ ብድሯን ትመልሳለች ተባለ።

አትጠገብ አንድ የተደበቀ ነገር ነበራት። ባሌ ሞቷል ትላለች፤ ሰውም እንደዚያ ያውቃል። ሰውየው ግን አልሞተም። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ብሎ ወጣና ቆላ ወርዶ ሌላ አገባ። ይሄንን ያወቀች ስንዱ ብቻ ነበረች።

በዋዜማው ከሰዓት ስንዱ በትሯን ይዛ፣ መንገዱን እየዳበሰች መጣች። አትጠገብ ደንግጣ ተነሣች።

፦ ምነው በሰላም?

፦ ላስቀምስ ነው የመጣሁ። ቤትሽ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ እንግዲህ ራስሽ ቅመሺው።

አትጠገብ አንገቷን ደፋች።

፦ የፈለግሽውን በዪ፣ ይገባኛል። የባሌንም ቢሆን ተናገሪ። ያኔ እኩል እንሆናለን።

ስንዱ ጎኗ ተቀመጠች። እጇን ፈልጋ ያዘቻት።

፦ እሱ ቀልድ አይደለም። ያንቺ ነው። የምታወሪበት ቀን ከመጣ ራስሽ ታወሪዋለሽ፣ ያኔ አብሬሽ እስቃለሁ። እኔ ያሰብኩት የዘፈንሽን ነገር ነበር። ስትዘፍኚ ላሞቹ ወተት ይከለክላሉ ልል ነው። ልተወው?

አትጠገብ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

፦ አትተዪው፣ አለች። ፍየሎቹንም ጨምሪበት።

በማግስቱ ግቢው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀችው ግን አትጠገብ ነበረች። ምርቃቱም ሳይጎድል ተባለ።

በሉ፣ እኔ ተረቴን አጎረስኳችሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ዳቦውን ቁረሱና እኔን አጉርሱኝ።