ሻረውና የባላምባራስ ሁለቱ ብሌኖች

ይህን ያወሩልን ሽማግሌዎች ራሳቸው አላዩትም፤ ሲያወሩት ግን ዳር ቆሞ እንዳየ ሰው ነው። እኔም የሰማሁትን ነው የማወራው፤ የጨመርኩት ካለ ጨው ብቻ ነው።

ድሮ በአንድ ደጃዝማች ቤት አራት ድንኳን ተካዮች ነበሩ። አለቃቸው ባላምባራስ ጓንጉል ይባላሉ። ባላምባራስ ከአራቱ ሁለቱን፣ ይግረምንና ደምለውን፣ «የዓይኔ ብሌኖች» ይሏቸዋል፤ ያውም በሰው ፊት፣ ሳይሳቀቁ። የቀሩት ሁለቱ፣ ሰባት ልጅ የሚያሳድገው ዝምተኛው ቢተውና ምላሱ አርፎ የማያውቀው ሻረው ናቸው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ጎተራው ጎደለ። ደጃዝማችም «ፋሲካ ሲውል ከድንኳን ቤት አንድ ሰው ይቀነስ፤ ቀለቡም ማደሪያ መሬቱም ይቅር» ብለው አዘዙ። ማን እንደሚቀነስ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ቢተው ከዚያን ቀን ጀምሮ ለፋሲካ የቀረውን ቀን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

*

ደጃዝማች ለጉዞ ሲነሱ በቅሎዎቹ ስንቅ ይጫናሉ፤ ድንኳኑ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ባላምባራስ ሸክሙን አከፋፈሉ። ለቢተው ምሰሶውን፣ ለሻረው ሸራውን ከነካስማው፣ ለይግረም ከድንኳኑ አናት ላይ የምትደረገውን የናስ ጉልላት፣ ለደምለው ደግሞ ጉልላቷ የምትጠቀለልበትን ጨርቅ ሰጡ።

«ይኸው፣ አድልዎ የለም። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዕቃ» አሉ።

ሻረው ሸራውን ተሸክሞ ወደ ግራ እያጋደለ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ጭነቱ አጋደለብኝ ጌታዬ። ይግረምን ከነጉልላቱ በቀኝ በኩል ይጫኑልኝና ይስተካከል።»

*

በቅበላ ሰሞን ነው። ሻረው «የድንኳኑ በር ወደ ቆላ ይዙር እንጂ፣ ነፋሱ ከደጋ ነው የሚመጣው» አለ። ባላምባራስ «አንተን ማን ጠየቀህ?» ብለው አፉን አስያዙት። ትንሽ ቆይቶ ይግረም ያንኑ ቃል ደገመው። ባላምባራስ ጭናቸውን መቱ። «አያችሁ? አዋቂ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። በሩም ዞረ።

ሻረው ከዚያ ወዲያ አቤቱታ ተወ። ሐሳብ ሲመጣለት በይግረም ጆሮ ሹክ ይላል፤ ይግረም ይናገራል፤ ባላምባራስ ያደንቃሉ። ይግረምም ለመደው፣ የሚለውን ማዳመጥ ተወ። ቅበላው ሳያልቅ አንድ ቀን ለድንኳን ቤቱ ሥጋ መጣ። ሻረው ሹክ አለ። ይግረም ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ትልቁን ሙዳ ለቢተው ይስጡት፤ ልጆች አሉት። ሁለተኛውን ለሻረው» አለ።

«ግሩም ምክር ነው» አሉ ባላምባራስ። ከዚያ የሰሙት ገባቸው። «ቆይ፣ ይህ ያንተ ቃል አይደለም። ሻረው፣ አንተ ነህ አይደል?»

«ከኔ አፍ ሲወጣ ጥሬ ነበር ጌታዬ፤ የበሰለው በይግረም አፍ ነው።»

ሙዳው ግን ቀድሞ ቢተው ሰፌድ ላይ ወድቋል። ማን ይመልሰው?

*

ቢተው ልጁ ታሞበት አርፍዶ መጣ። ባላምባራስ ከሩቅ ጀምረው «ሰነፍ! ይህንንም አስቀምጥልሃለሁ፤ ፋሲካ ይምጣ ብቻ» አሉት። ደምለው ከሱም በኋላ ዓይኑን እያሻሸ ደረሰ። «አይዞህ ልጄ፣ ድካም ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

በማግስቱ ሻረው ሆን ብሎ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ብቅ አለ።

«እስካሁን የት ነበርክ?»

«ማርፈድ የደምለው ሥራ ነው ጌታዬ። እንደ ሁልጊዜው ሥራውን እኔ ሠራሁለት።»

*

ሌላ ቀን ባላምባራስ አራቱንም ሰብስበው «ድንኳኑ የት ይተከል? የሁላችሁንም ሐሳብ እኩል ነው የምሰማው» አሉ። ሻረው ዞር ብሎ ቢያይ፣ ከወንዙ ማዶ ሣሩ ታጭዷል፣ መሬቱ ተጠርጓል፣ የምሰሶው ጉድጓድም ተቆፍሯል። ጠዋት ባላምባራስ ከሁለቱ ብሌኖች ጋር እሳት ሲሞቁ ነው ነገሩ ያለቀው።

«በል እንጂ፣ ተናገር» አሉት።

«ለሽምግልና የጠሩን መስሎን ነበር ጌታዬ። ለካ ሙሽራዋ አርግዛለች።»

*

ይግረምን ራሱን ይህ አድልዎ አልተመቸውም ይባላል። አንድ ቀን ሻረውን ለብቻው አግኝቶ «ወንድሜ፣ እኔ ስመጣ ሁላችሁም ዝም የምትሉት ለምንድን ነው?» አለው።

«ባላምባራስ ይሰሙናል ብለን።»

«እሳቸው እኮ እዚህ የሉም።»

«እሳቸውማ የሉም። ጆሯቸውን ግን ላንተ አውሰውሃል።»

*

ፋሲካ ደረሰ። ለግብሩ ትልቁ ድንኳን ይተከል ተባለ። ባላምባራስ «የፊቱን ካስማ እነ ይግረም ይምቱ፤ ደጃዝማች ሲያልፉ ይዩዋቸው። እናንተ ሁለታችሁ ከኋላ» አሉ። ይግረምና ደምለው ላብ እንዳይነካቸው ካስማውን በለስላሳው አፈር ላይ ቀጥ አድርገው፣ በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው አቆሙት። ቢተው አላስቻለውም።

«ኧረ ካስማ ጋደል ብሎ ነው የሚገባው። እንዲህ ከቆመ አውታሩ ሲወጠር ይነቀላል» አለ።

«አንተ የኋላህን ጠብቅ» አሉት ባላምባራስ።

ደጃዝማች ሲያልፉ ባላምባራስ እጅ ነስተው «የይግረምና የደምለው ሥራ ነው» አሉ። ደጃዝማችም ደስ ብሏቸው ለሁለቱ አዲስ አዲስ ኩታ አለበሷቸው። ቢተው ከሸራው ጀርባ ሆኖ አውታር እየወጠረ ሰማ።

ግብሩ ተጀመረ። እንግዳው ዶሮውን ገና ሲጀምር ነፋሱ መጣ። የፊቱ ካስማ ተራ በተራ ተነቀለ፣ ሸራውም በመኳንንቱ ራስ ላይ ዘፍ አለ። የኋላው ወገን ንቅንቅ አላለም። ደጃዝማች በአራት እግራቸው ድኸው ወጡ፤ ጢማቸው ወጥ ውስጥ ተነክሯል፣ በእጃቸው የያዟትን የዶሮ ወጥ እንቁላል ግን አልለቀቋትም።

«ይህን ማን ተከለው?»

«ቢተው ነው ጌታዬ» አሉ ባላምባራስ ፈጠን ብለው። «የሚቀነሰውም እሱ ይሁን።»

ሻረው ወደ ፊት ወጣ።

«እውነታቸውን ነው ጌታዬ። ሲቆም የይግረምና የደምለው ነበር፤ ቢተው የተረከበው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ደጃዝማች የሁለቱን አዲስ ኩታ አዩ። የቆመውንም የኋላ ወገን አዩ። ከዚያ እንቁላሏን ጎረሱና፣

«እንግዲያው እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን መልሰው ይትከሉት። ማንም እንዳይረዳቸው» አሉ።

ደምለው ሸራው ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋው፤ «ይግረም፣ የት ነህ?» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ይግረም ካስማውን ስቶ አውራ ጣቱን መታ። በመጨረሻ ድንኳኑ ቆመ ከተባለ፣ የተኛ ግመል መስሎ፣ ጉልላቷ ከታች በበሩ በኩል ተንጠልጥላ ነው። እንግዳው ሳቁን በነጠላው አፈነ።

«ዛሬ ደክሟቸው ነው ጌታዬ» አሉ ባላምባራስ።

ደጃዝማች አልመለሱላቸውም። «አንተ ምላሳም» አሉ ወደ ሻረው ዞረው፣ «እህሉ ጎድሏል፣ ሰው መቀነሴ አይቀርም። ማንን ልቀንስ?»

ቢተው መሬት መሬት ሲያይ፣ ሻረው እጅ ነሳ።

«ባላምባራስን ይቀንሱ ጌታዬ። እሳቸው ከሌሉ ለእነዚህ ለሁለቱ ሠሩ የሚልላቸው ስለማይኖር በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ፤ አንድ ሰው አሰናብተው የሦስት ሰው ቀለብ ያተርፋሉ።»