በኋላ የገባ ስም

አንድ ተማሪ የምረቃ ጋዋኑን ሳያወልቅ ዶርሙ ገብቶ ለፌስቡክ ምስጋና መጻፍ ጀመረ። ይስማው ይባላል። ወላጆቹ ውጭ ለምሳ እየጠበቁት ስለነበር ቸኩሏል። አማካሪ መምህሩን፣ እናትና አባቱን፣ አጎቱን፣ የመመረቂያ ሥራውን አብረውት የሠሩትን ልጆች ስም በስም ጠራ፣ ታግ አደረገ፣ ለጠፈ።

«እንኳን ደስ አለህ» ጎረፈ።

የዶርም ጓደኛው አወል ከላይኛው አልጋ ሆኖ አነበበው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ይስማው ሊባረር ሲል ካልኩለስን ከባዶ ጀምሮ ያስጠናው እሱ ነው። ስሙ የለም። ላይክ አደረገና ወርዶ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጅማ ይሄዳል።

ይስማው ሆን ብሎ አልተወውም። ሲጽፍ ያሰበው ከዚያ ክፍል ውጭ ያሉትን ነበር። ነገሩ የገባው አክስቱ ከሥር «እኛስ?» ብላ ስትጽፍ ነው። ደንግጦ ጽሑፉን ኤዲት አደረገ፤ አክስቱንም አወልንም ጨመረ። ወዲያው የአንደኛ ዓመት መምህሩ ትዝ አሉት። እሳቸውን ሲጨምር ደግሞ ሌላ ሰው ትዝ አለው።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ተነሳ።

«አወል፣ ና እንጂ ፎቶ እንነሳ። እናቴ ‹አወልስ?› እያለች ነው።»

«ሂዱ። እኔ በኋላ በኤዲት እገባለሁ።»

ይስማው ሳቀ። አወል አልሳቀም።

«አየኸው እንዴ?»

«ታግ ስታደርገኝ ስልኬ ጮኸ። የመጀመሪያውን ቀድሜ አንብቤዋለሁ።»

«ረስቼህ እኮ አይደለም።»

«ታዲያ?»

ይስማው ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠ።

«ሁለተኛ ዓመት ላይ እኔም እንዲህ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር» አለ። «‹ነገ ትሄዳለህ፣ ዛሬ ይቺን ምዕራፍ እንጨርስ› አልከኝ። በነጋታውም እንደዚያው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም። አመሰግናለሁ፣ አወል።»

አወል የያዘውን ሸሚዝ አስቀመጠ።

«ምዕራፏ ግን እስካሁን አልገባችህም» አለው። አብረው ወጡ።

ደረጃው ላይ ይስማው ስሞቹን ሁሉ አጥፍቶ እንዲህ ጻፈ፦ «ላስተማራችሁኝ፣ ላሳደጋችሁኝ፣ አብራችሁኝ ላጠናችሁ ሁሉ፦ ዛሬ የቆምኩት በእናንተ ነው። ስም አልዘረዝርም። የእያንዳንዳችሁን ስም ፊታችሁ ቆሜ እጠራዋለሁ።»

አጎቱ በር ላይ ስልካቸውን ይዘው ጠበቁት።

«አንተ፣ ስሜን ምን አጥፍቼ ነው ያወጣኸው?»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ነው የምጀምረው» አለና አቀፋቸው።

ሩቅ ላለ ሰው ምስጋና መላክ እናውቅበታለን። አጠገባችን ያለው ግን የራሳችን አካል ስለሚመስለን እሱን ማመስገን ትዝ አይለንም። ለሁሉም የሚጻፈው ምስጋና አጭር ቢሆን ምንም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባው በአፍ ከደረሰው።

ይህን ስታነቡ አንድ ክፍል ውስጥ አብሯችሁ ያለው ማን ነው?