የሐዲድ ባንድ ሦስት ወራሾች

በአንድ ወቅት፣ የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ገና እያፏጨ በከዚራ ሰፈር በኩል ሲያልፍ፣ ሐዲድ የሚባል የሮክ ባንድ ነበረ። የምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች ያቆሙት፣ ጊታሩ ብረት በብረት ሲፋጭ የሚመስል፣ ከበሮውም እንደ ባዶ ፉርጎ የሚንገጫገጭ ባንድ ነበረ። አንድ ካሴት አሳተመ፤ አንድ የመድረክ ዝግጅቱም በሌላ ካሴት ተቀዳ። ከዚያ በኋላ የዘፈኖቹ ደራሲ፣ ጊታሪስቱ ተኮላ፣ «ያንኑ እየደጋገምን መኖር ከሆነ እኔ የለሁበትም» ብሎ ባንዱን ጥሎ ሄደ። ድምፃዊው ምንተስኖትም ሳንባውን ታሞ አልጋ ያዘ። ሊሞት ሲል ለእኅቱ ለየሺመቤት የባንዱን ትልቅ ከበሮ የፊት ሽፋን አስረከባት፤ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም «ሐዲድ» ብሎ የጻፈበትን። «ስሙን በሕይወት ለሚያኖረው ስጪው። ለሌላ ለማንም እንዳትሰጪ» አላት። እሷም ማለችለት።

በሕይወት ሳለ አዳራሽ ያልሞላለት ከተማ፣ ምንተስኖት ከሞተ በኋላ ይናፍቀው ጀመር። ካሴቱ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ተገለበጠ። ጎልማሶች በታክሲ ውስጥ ሲሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሆናሉ፤ ታክሲው ሲቆም ግን ከነሆዳቸውና ከነመነጽራቸው ይወርዳሉ። ልጆቻቸው ደግሞ የምንተስኖት ፊት የታተመበት ካናቴራ ለብሰው፣ ያልኖሩበትን ዘመን «ያኔ እኮ ሙዚቃ ነበር!» እያሉ ያለቅሱለታል።

እንዲህ ያለ ናፍቆት ባለበት ሁሉ አስመሳይ አይጠፋም፤ ቃሉን ግን ለስድብ አልተጠቀምኩበትም። በየሆቴሉ የሁሉንም ሰው ዘፈን የሚጫወቱ ባንዶች አሉ፤ የእነሱ ሥራ እንግዳው የጠየቀውን ማቅረብ ነው። ከእነዚህ የሚለዩ ሌሎች ደግሞ አሉ፦ ዕድሜያቸውን ለአንድ ባንድ ብቻ ሰጥተው፣ ልብሱን፣ አቋሙን፣ የዘፈኑን ቅደም ተከተል ሳይቀር የሚደግሙ። በድሬዳዋ እንዲህ ያሉ ሁለት ቡድኖች ተነሡ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ሐዲድ አሉ። አንዱ ማስታወቂያ በለጠፈበት ግድግዳ ላይ ሌላው ደርቦ ይለጥፋል፤ ሕዝቡም ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ይንከራተታል፤ ደጋፊዎቹም ተደባደቡ። በዚህ መሐል ጋሽ ተኮላ ራሳቸው፣ ጠጉራቸው ሸብቶ፣ ጊታራቸውን ተሸክመው ከሄዱበት ተመለሱ።

በመጨረሻ የምድር ባቡር ክበብ ሽማግሌዎች ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ሄዱ። «ሦስቱም በአንድ መድረክ ያንኑ አንድ የሐዲድ ዘፈን ይጫወቱ። አንቺ ሽፋኑን የሰጠሽው ስሙን ይውሰድ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ስሙን ሁለተኛ ላያነሡ ይማሉ» አሏቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ተስማሙ። የተስማሙበትን እውነተኛ ምክንያት ግን ለማንም አልተናገሩም፦ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ፣ ለአንዲት ቅጽበትም ቢሆን፣ ወንድማቸውን እንደገና እንደሚሰሙት ተስፋ አድርገው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሙቀቱ የክበቡን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወይዘሮ የሺመቤት ከፊት ወንበር፣ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለውን ሽፋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

በመጀመሪያ የወጣው ከሁለቱ ቡድኖች የአንዱ መሪ ናሆም ነበር። ናሆም ጊታሪስት ነው፤ የእሱ ሃይማኖት ድምፅ ነው። እንደ ድሮው ባለ አምፖል የጊታር ድምፅ ማጉያ እስኪያገኝ ጅቡቲ ድረስ ተመላልሷል። ካሴቱን እያንዳንዷን ኖታ እየለየ ሲሰማ፣ የከተማው ሰው ያላወቀውን ነገር ደረሰበት፦ ካሴቱ ሲባዛ ዋናውን ቅጂ ያጫወተው ማሽን ሞተሩ ይፈጥን ስለነበር፣ ዘፈኖቹ ሁሉ ከእውነተኛ ቅኝታቸው ግማሽ ድምፅ ለማይሞላ ያህል ከፍ ብለው፣ ፈጠን ብለውም ይሰማሉ። ትክክለኛውን ቅኝት እያወቀ፣ ጊታሮቹን ሁሉ በካሴቱ ስሕተት ልክ ቃኛቸው፤ የኪቦርዱንም ቅኝት በዚያው ልክ ከፍ አደረገው። ሲጫወት አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። በጊታሩ ሶሎ መሐል ያለችውን፣ ጣት ከክር የምትስትባትን ቦታ እንኳ ሳይቀር አምጥቶ በቦታዋ አኖራት፤ ሕዝቡም በዚያች ቦታ ላይ «አቦ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ተኮላ ከጥግ ሆነው «አንተ ልጅ» አሉት፣ ሲወርድ ጠብቀው። «ያቺ እኮ ጣቴ አዳልጦኝ ነው። የመቅጃው ቴፕ አልቆ ነበርና መድገም አልቻልንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፍሬባታለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ ናሆም በትሕትና። «ሕዝቡ የሚወዳት ግን እሷን ነው። እኔ ላርማት ምን መብት አለኝ?»

«የራስህ ዘፈን የለህም?»

«ነበሩኝ። ተውኳቸው። ማን ይሰማቸዋል ብለው ነው?»

ወይዘሮ የሺመቤት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳምጠው ነበር። የሰሙት በሳሎናቸው ጥግ አቧራ የጠጣውን የቴፕ ማጫወቻ ነው። አንዳች ነገር አልጎደለውም፤ ወንድማቸው ብቻ አልነበረበትም።

ሁለተኛ የወጣው የሌላው ቡድን መሪ ልዑልሰገድ ነበር። የልዑልሰገድ ሃይማኖት ሰውየው ነው። ከመድረክ ካሴቱ፣ ከፎቶግራፎችና ከሽማግሌዎች ትረካ ተነሥቶ ምንተስኖትን እንደ ሸማ ለበሰው፦ ግራ እግሩን ሳብ አድርጎ መራመዱን፣ ማይክራፎኑን በሁለት ጣት መያዙን፣ ደረቱ ክፍት የሆነውን ሸሚዝ። የምንተስኖት ድምፅ በሕመም የሻከረ ስለነበር፣ ልዑልሰገድም ጤነኛ ጉሮሮውን በግድ ያሻክረዋል፤ በዚህም የተነሣ የድምፅ ክሩ ቆስሎ፣ ሐኪም «በዚህ ከቀጠልክ መናገርም ታቆማለህ» ብሎታል። አልተወም። ከመድረክ ሲወጣም ያንኑ አካሄድ ይሄዳል፤ እናቱ ሳትቀር በስሕተት ምንተስኖት ብላ ትጠራው ጀምራለች።

ከዘፈኑ በፊት በመድረክ ካሴቱ ላይ ያለውን ወሬ ቃል በቃል ተናገረ። «ድሬዎች! ሙቀቱ ከናንተ ነው ወይስ ከኛ?» አለ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ቀጥሎም ልክ እንደ ካሴቱ ሳሉን ሳለ፤ ሁለት ጊዜ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ ረዘም ያለ፣ ከሥር የሚፋቅ ሳል። አዳራሹ በደስታ አበደ። ከኋላ ያሉ ጎረምሶች አብረውት በኅብረት ሳሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት ወንበራቸውን ጨበጡ። ያንን ሳል ከግድግዳ ማዶ ተኝተው የሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ደም የነካውን መሐረብ ያጠቡትም እሳቸው ናቸው። ወንድማቸው በእርግጥ መጥቶላቸው ነበር፤ የመጣው ግን ለመሞት ነው፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

ልዑልሰገድ ዘፍኖ ሲወርድ ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ። በእውነተኛ ድምፁ፣ በተሰበረ ሹክሹክታ፣ «እትዬ የሺ፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?» አላቸው።

«ሳሉን ለምን አትተወውም፣ ልጄ?»

«አንድ ጊዜ ተውኩት። ‹ውሸታም፣ ሳሉስ የታለ?› ብለው ጮኹብኝ።»

ሦስተኛ ጋሽ ተኮላ ወጡ። የእሳቸው ሃይማኖት ገና ያልተሠራው ነው። ባንዱን ጥለው የሄዱት ለዚህ ነበር፤ ወዳጃቸው ሲሞትም በአጠገቡ ያልነበሩት ለዚሁ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ደርቀዋል፤ ስለዚህ ሶሎውን አሳጠሩት፤ ድምፃቸው ላይ አይወጣምና ዘፈኑን ከእውነተኛው ቅኝቱም ዝቅ አድርገው ያዙት። ያቺን የምታዳልጥ ቦታ አረሟት። ሦስተኛውን ስንኝም ለውጠው፣ በባቡር ስለ መሄድ የነበረውን በጣቢያ ስለ መቅረት አደረጉት። በካሴቱ ፍጥነት ላደገ ጆሮ ዘፈኑ የታመመ፣ የሚጎተት ሆነ።

«እንደ ካሴቱ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ዘፈኑን አጥኑት እንጂ!» አለ ካናቴራው ላይ የምንተስኖት ፊት ያለበት ወጣት፤ ዙሪያው ያሉት በሳቅ ፈነዱ።

ጋሽ ተኮላ ሳቁን ሰምተው ጊታራቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ መልሰው አነሡት። «አንድ ልጨምር፣ የመጨረሻዬ ነው» አሉ። «አዲስ ነው። ለምንተስኖት የሠራሁት ነው።» አዲስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግማሹ አዳራሽ ቢራ ሊያዝዝና ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሣ። ወንበር እየተጎተተ፣ ጠርሙስ እየተከፈተ፣ ሽማግሌው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈኑት። ወይዘሮ የሺመቤት ግጥሙን ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፤ ከጫጫታው የተረፈላቸው ግማሹ ብቻ ነው። በዚያ ግማሽ ውስጥ ወንድማቸውን አላገኙትም። ያገኙት ወንድማቸውን ያጣ ሌላ ሰው ነው።

«ተኮላ፣ በሕይወት ሳለ መጥተህ ብትዘፍንለት ምን ነበረበት?» አሏቸው፣ ሲወርዱ።

«አዲስ ነገር ይዤ ልመጣ ፈልጌ ነበር፣ የሺ። አላለቀልኝም።»

«እሱ አለቀ።»

ጋሽ ተኮላ ጊታራቸውን ተሸክመው ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

ሕዝቡ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ክርክሩ ጦፈ። «ስሙ ለድምፁ ነው!» ይላሉ የናሆም ወገኖች፤ «ሰው ያልፋል፤ ሙዚቃው ግን እንደ ተቀረጸ መኖር አለበት።» የልዑልሰገድ ወገኖች፣ «ያለ ሰውየው ምን ሐዲድ አለ? እሱን ለማምጣት ጉሮሮውን የሰጠ ማን ነው?» ይላሉ። ለጋሽ ተኮላ የተናገረ አንድ የክበቡ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ «ዘፈኑን እኮ የጻፈው እሱ ነው! በሉ እንግዲህ ለባለቤቱ ንገሩት፣ አንተን አትመስልም ብላችሁ!» አለ። ሳቁበት።

ወይዘሮ የሺመቤት ተነሥተው አንሶላውን ፈቱ። ቀዩ ጽሕፈት ሲታይ ክርክሩ ቆመ። ሦስቱ ሰዎች ፊታቸው ቆሙ፤ ያልደከመ ማንም አልነበረም፣ ያላጠፋም ማንም አልነበረም። ለናሆም ቢሰጡት፣ ሐዲድ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት፣ ከነስሕተቱ ይኖራል፤ አንድም አዲስ ዘፈን ግን ለዘላለም አይወለድለትም። ለልዑልሰገድ ቢሰጡት፣ ወንድማቸው በየሳምንቱ ይነሣል፤ በየሳምንቱም እየሳለ ይሞታል፤ የልዑልሰገድንም ጉሮሮ ይዞ ይሄዳል። ለጋሽ ተኮላ ቢሰጡት፣ ስሙ ወደ ዘፈኖቹ ደራሲ ይመለሳል፤ በባዶ አዳራሽ፣ በደረቁ ጣቶች፣ ሽማግሌው እስካሉ ድረስ ብቻ። ለማንም ሳይሰጡ እንዳይቀሩ ደግሞ ለሟች ምለዋል።

ወንድማቸው የትም እንደሌለ አሁን ያውቃሉ። ቃላቸው ግን አለ፤ ሽፋኑም በእጃቸው ነው፤ ሦስት ጥንድ እጆችም ተዘርግተዋል።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እኔ ከዚህ ወዲያ አላውቅምና እናንተ ተከራከሩበት፦ ምንተስኖት «በሕይወት ለሚያኖረው» ያለው ስም ለማን ይገባል? እንደ ነበረ ላቆየው ነው፣ ራሱን ሠውቶ ለለበሰው ነው፣ ወይስ ወልዶ ለተወውና ዘግይቶ ለተመለሰው?